ሁለት ሳንቲ ከኋላ፣ ሁለት ሳንቲ ለፊት

ይህ ሱሪ መስቀያ ላይ ሲንጠለጠል የተበላሸ ይመስላል። የፊት ወገቡ ከፍ፣ የኋላው ዝቅ ብሏል። ዚፑ የተሰፋበት መስመር እንደ ሌላው ሱሪ ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ውስጥ አይጋደልም፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የመቀመጫው ስፌትም ጋደል ብሎ መውጣት ሲገባው ቆሟል። ገዢ ቢያነሳው «ምን ነክቶት ነው?» ብሎ መልሶ ይሰቅለዋል። ስፌት የሚያውቅ ሰው ግን ገልበጥ አድርጎ ያየዋል፣ ወገቡን በሁለት ጣቱ ይዞ ያንጠለጥለዋል፣ ከዚያ ለምን ዓይነት ሰው እንደተሠራ ይነግራችኋል፦ ሆዱ ወደፊት የወጣ፣ መቀመጫው ጠፍጣፋ የሆነ፣ ሲቆም ቀና ብሎ ወደ ኋላ የሚል።

የተቀደደው ዘነበወርቅ ነው፤ ከአለርት ሆስፒታል ብዙም በማይርቅ፣ በሩ ላይ የእግር መኪና፣ ውስጡ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ ባለው ጠባብ ሱቅ። ልብስ ሰፊው አምሳን የዘለለ ሰው ነው፤ ማስታወቂያ ይመስልብኛል ብሎ ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም። ሰፈሩን ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ እዚህ መገኘቱ አይገርምም። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ይጠራ የነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል እዚህ ነበር፤ አለርት በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመውም በዚያው ላይ ነው። ከሕመሙ የዳኑ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው በፈትል፣ በጥልፍና በስፌት ሲተዳደሩ የኖሩበት ሰፈር ነው። ሆስፒታሉም በራሱ ወርክሾፕ በሽታው ለጎዳው እግር እንደየቅርጹ ጫማ ይሠራል። አንድን ሰው ብቻ ታሳቢ አድርጎ መሥራት ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም።

የሱሪው ባለቤት ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ወደ ሱቁ የመጡት ከገበያ የገዙትን ሱሪ ለብሰው፣ እሱኑ ለማስተካከል ነበር። ታሪኩ ብዙ ቦርጫም ወንድ የሚያውቀው ነው። ወገቡ እንዲበቃቸው ብለው ሁለት ቁጥር ከፍ አድርገው ገዙ፤ ወገቡ በቃ። ነገር ግን ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚሰፋው ወገብ ብቻ አይደለም፤ መቀመጫውም ጭኑም አብሮ ይሰፋል፣ የኋላው ቁመትም ይጨምራል። ፋብሪካ የሚያስበው ሰው ሲወፍር ዙሪያውን እኩል እንደሚወፍር አድርጎ ነው። እርሳቸው ግን የጨመሩት ከፊት ብቻ ነው፤ ከኋላ እንዲያውም ቀንሰዋል። ስለዚህ ሱሪው ከፊት እየጎተተ ከኋላ ይንዘላዘላል፤ ከመቀመጫቸው ሥር ያለው ጨርቅ ከላይ ወደ ታች እየተደራረበ ይጨማደዳል።

እዚህ ላይ አብዛኛው አስተካካይ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ የመሃል የኋላውን ስፌት ፈትቶ ያጠብበዋል። ሰፊው ይህን ሲሰማ እጁን ያወናጭፋል። የተረፈው ቁመት እንጂ ስፋት ብቻ አይደለምና ቢያጠብቡት ሁለቱ የኋላ ኪሶች ተጠጋግተው አፍ ለአፍ ሊገጥሙ ይደርሳሉ፣ የጎን ስፌቱም ወደ ኋላ ይሳባል፤ ከመቀመጫው ሥር ያለው ጭምድድ ግን እዚያው ነው። «ጋሼ፣ ይሄን ይልበሱት ለቤት። ጨርቅ ይግዙና ይምጡ» አላቸው። ነጋዴ ቢሆን ኖሮ አጥብቦ ገንዘቡን ይቀበል ነበር።

ጨርቁ ከመርካቶ መጣ፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀጭን ነጭ መስመር ያለው ሱፍ። መስመር ያለው ጨርቅ ለእንዲህ ያለው ሱሪ ፈተና ነው፤ እያንዳንዱ ስህተት እንደ ማስመሪያ ያሳብቃልና። ቢሆንም ሰፊው ደስ አለው። ምክንያቱ ኋላ ገባኝ፤ መስመሩ የሠራውን ሥራም ያሳይለታል።

የልኬቱ መጀመሪያ ጥያቄ ነበር። «ጋሼ፣ ሱሪዎን የት ነው የሚያስሩት?» እርሳቸውም ሆዳቸው ወደ ታች ሲመለስ የሚደርስበትን ቦታ አሳዩት። ብዙ ሰው እዚያ ያስራል፤ ወገቡ ጠበብ ስለሚል ቁጥሩ ያነሰ ይመስላል። ችግሩ ሱሪ የሚንጠለጠልበት ነገር መፈለጉ ነው። ሌላው ሰው ላይ ሱሪው ዳሌ አጥንትና መቀመጫ ላይ ያርፋል። እዚህ ግን ከኋላ ማረፊያ የለም፣ ከፊት ደግሞ የሆዱ ቁልቁለት ወገቡን ወደ ታች ይገፋዋል። ቀበቶ ቢያጠብቁም ልክ ከቁልቁለት እንደሚንሸራተት ሁሉ ይወርዳል። ሰፊው አንድ ክር ወገባቸው ላይ አሰረና ከእምብርት ትንሽ ዝቅ ብሎ አሳረፈው። «እዚህ ይሁን። እዚህ ከሆነ ሆድዎ ራሱ ይይዝልዎታል።» ሽማግሌው ትንሽ አንገራገሩ፣ ተራመዱ፣ ተቀመጡ፣ ከዚያ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ የተወሰደው ልክ ሁሉ የተነሳው ከዚህ ክር ነው።

ወገብ 108 ሳንቲ ሜትር። ዳሌ፣ ማለትም መቀመጫው ላይ ዙሪያውን፣ 104። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ ነገሩን ሁሉ ይናገራሉ። ቀጠን ያለ ወንድ ዳሌው ከወገቡ በአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበልጣል፤ እዚህ ወገቡ ቀድሟል። ቀጥሎ ያለውን ልኬት ብዙ ሰፊ ያልፈዋል፤ ይሉኝታም አለበት። ሜትሩ ከፊት ወገብ ተነስቶ በእግሮቹ መሃል አልፎ እስከ ኋላ ወገብ ይደርሳል። ሰፊው የፊቱን ጫፍ ለደንበኛው ለራሳቸው አስያዘና ከኋላው ብቻ ያዘ። ጠቅላላው 75 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ይህ ቁጥር ብቻውን ግን ምንም አይነግርም፤ ትልቅ መቀመጫና ጠፍጣፋ ሆድ ያለውም ሰው 75 ሊሆን ይችላል። ወሳኙ 75ቱ የት ላይ እንደሚከፈል ነው። እግሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ ላይ ምልክት ሲደረግ ከፊት 35፣ ከኋላ 40 ሆኖ ተገኘ።

በመጨረሻም ግንበኛ የሚጠቀምበትን ቱምቢ አወጣ። ትንሿን ብረት ከወገቡ ክር ላይ በጎን በኩል አንጠለጠላትና እስክትረጋ ጠበቀ። ክሯ በጎናቸው ቀጥ ብላ ወርዳ ቁርጭምጭሚታቸው አጠገብ ስትቆም፣ ከአካላቸው ምን ያህሉ ከክሩ ፊት፣ ምን ያህሉ ከክሩ ኋላ እንደሆነ ያለ ሜትር ታየ። ከፊት ብዙ አለ፤ ከኋላ ያለው ጥቂት ነው። የጎን ስፌት የሚያርፈው እዚህ ክር ላይ ነው። ሰፊው «ሱሪው ሲያልቅ የምፈርደው በዚህ ነው» አለ።

ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋው ካርቶን የሚነሳው ተራ ፓተርን ነው፤ ዳሌው 104 ለሆነ ሰው የተነደፈ፣ ወገቡ 90 ገደማ የሚሆን። ስለዚህ 18 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል። ካርቶኑ የአካሉ ግማሽ ነውና በአንድ ወገን የሚጎድለው 9 ነው። ጀማሪ ሰፊ ይህን 9 ለሁለት ከፍሎ ለፊትና ለኋላ አራት ተኩል አራት ተኩል ይሰጣል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ሱሪው ግን ልክ አይሆንም። ኋላው የማይፈልገውን ስፋት ያገኛል፣ ፊቱ የሚፈልገውን ያጣል፣ ጨርቁ ደግሞ ያጣውን ለማግኘት የጎን ስፌቱን ወደፊት ይጎትታል።

እርሱ ያደረገው እንዲህ ነው። የፊት ቁራጩ ወገብ ላይ የነበረችውን እጥፋት አስቀረ፤ እርሷ ብቻ 3 ሳንቲ ሜትር ፈታች። እጥፋት ለጠፍጣፋ ሆድ ጌጥ ናት፤ ለወጣ ሆድ ግን ገና ሱሪው ሲለበስ ተበትና ታፍራለች። የዚፑን መስመር ከላይ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ አወጣና ወደ ታች እየቀነሰ የእግር መገናኛው ኩርባ ላይ ዜሮ አደረሰው። ከፊቱ ጎን 1.5 ጨመረ፤ ይህም ዳሌ ላይ ሲደርስ ያልቃል። የቀረው 2 የመጣው ከኋላ ነው፤ የመጣውም በመጨመር ሳይሆን ባለመቀነስ ነው። ተራው ፓተርን ከኋላ ወገቡ ላይ በአንዲት የማጥበቢያ እጥፋት 2 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል፤ ይህች እጥፋት ወገቡን አጥብባ መቀመጫው ላይ እብጠት ትሰጣለች። መቀመጫ ከሌለ እብጠቱ ለማን ነው? አልሰፋትም። ሦስት፣ ሁለት ተኩል፣ አንድ ተኩል፣ ሁለት፤ ዘጠኙ ሞላ። ለፊት ሰባት፣ ለኋላ ሁለት።

የዚፑ መስመር ነገር ትንሽ ያቆየናል። ሆዱ ክብ ነውና መስመሩንም እንደ ሆዱ ክብ አድርጎ መቁረጥ ያምራል። ብዙ ሰው ይሞክረዋል። ዚፕ ግን ቀጥ ያለ ነገር ነው፤ ወደ ውጭ በተነፋ መስመር ላይ ሲሰፋ ይንከረፈፋል፣ ሲቀመጡም መሃሉ ላይ ተነስቶ ይቆማል። ስለዚህ መስመሩ ቀጥ ማለት አለበት፤ ክብነቱ ከሌላ ቦታ ይመጣል። ከፊሉ ከወገቡ ከፍታ፣ ከፊሉ ከካውያ። ሱፍ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ሲተኮስ ከዳር ይኮማተራል፣ መሃሉ ላይ ይነፋል፤ ፖሊስተር ይህን አያደርግም። ሽማግሌው ፖሊስተር ገዝተው ቢመጡ ኖሮ ሰፊው አንዳንዱን ነገር በስፌት ለማድረግ ይገደድ ነበር፤ ስፌቱም ይታያል።

አሁን ቁመት። ተራው ፓተርን ከወገቡ ቁራጭ ጋር ተደምሮ ከፊት 33፣ ከኋላ 43 ነው። ድምሩ 76፤ የሰውዬው 75። በጠቅላላው የሚለያዩት በአንድ ሳንቲ ሜትር ነው፤ የገበያው ሱሪ የሚያሳስተውም በዚህ ነው። ተለብሶ ሲታይ ቁመቱ አልጎደለም፣ አልተረፈምም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። ለፊቱ ቀላሉን መንገድ ወሰደ፤ መሃል ፊት ላይ ወገቡን በ2 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረገና ወደ ጎን እየዘቀዘቀ ጎን ስፌቱ ላይ ዜሮ አገባው። 33ቱ 35 ሆነ።

ለኋላው ግን ከላይ መቁረጥ አይበቃም። ቢቆረጥ ወገቡ ይወርዳል እንጂ ከመቀመጫው ሥር ያለው ትርፍ አይነካም፤ ትርፉ ያለበት ቦታ ላይ መነሳት አለበት። ካርቶኑን መቀመጫው በሚሰፋበት ቁመት ላይ ከመሃል የኋላ መስመር ተነስቶ ወደ ጎን ስፌቱ ቆረጠው፤ ጎኑ ላይ ግን ጨርሶ አልለየውም፣ እንደ ማጠፊያ እንዲሆን ጥቂት አስቀረ። ከዚያ የላይኛውን ክፍል በታችኛው ላይ አደራረበው፤ መሃል ኋላ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ጎኑ ላይ ምንም። በዚህች አንድ እንቅስቃሴ ሁለት ነገር ተፈጸመ። ትርፉ ቁመት ካለበት ቦታ ተነሳ፤ የላይኛው ክፍል ደግሞ ሲዞር የመቀመጫውን ስፌት ከጋደለበት ቀና አደረገው። ጠፍጣፋ መቀመጫ የሚፈልገው ይህን የቆመ ስፌት ነው። ጎኑ ላይ የተፈጠረችውን ስብራት በጠመኔ አለሳለሳት። በመጨረሻ ወደ ጭን መሃል የሚገባውን የኋላውን ሹል ጫፍ በ1 ሳንቲ ሜትር አሳጠረ፤ ያ ጫፍ የመቀመጫ ውፍረትን የሚዞር ነው፣ የሚዞረው ደግሞ አነስተኛ ነው። 43ቱ 40 ሆነ። ለፊት ሁለት ገባ፤ ከኋላ ሁለት ወጣ፣ አንዷም ቀረች።

ሱፉን ከመቁረጡ በፊት በአቡጀዲ ሞከረው። ይህን የሚያደርግ ሰፊ እየጠፋ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ደንበኛም ሁለት ጊዜ መመላለስ አይወድም። አቡጀዲው በላላ ስፌት ተያይዞ ሽማግሌው ላይ ሲቆም ሰፊው ለረጅም ጊዜ አልነካውም፤ ዞሮ ዞሮ አየው። የሚያየው ጭምድዱን ነው። አግድም የሆነ መስመር ሁለት ተቃራኒ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ቁመት ተርፎ የተደራረበ ወይም ስፋት ጠቦ የተወጠረ። የሚለየው በጣት ነው፤ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ከተነሳ ትርፍ ነው፣ አልነሳ ካለ ጥበት ነው። ይህን ያላወቀ ሰፊ ጠባቡን ሱሪ ሲያጠብብ ይውላል።

ከፊት ምንም አልነበረም። ከኋላ፣ ከመቀመጫው ሥር፣ አንዲት ለስላሳ አግድም እጥፋት ቀርታለች። በጣቱ ቆነጠጣት፤ አንድ ሳንቲ ያህል ትነሳለች። እኔ ያነሳታል ብዬ ስጠብቅ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አላቸው። ተቀመጡ። ያቺ እጥፋት ጠፋች፤ የኋላ ወገቡም ሸሚዛቸውን ሳያወጣ ከቦታው ቆየ። ከዚያ እንዲገባኝ ብሎ እጥፋቷን በስፒል ያዛትና እንደገና ቆመው እንዲቀመጡ ለመናቸው። ሲቆሙ ኋላቸው እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ንጹሕ ሆነ፤ ሲቀመጡ ግን ወገቡ ከጀርባቸው ወርዶ ሸሚዙን አስወጣው፣ ከሥርም ጨርቁ እንደ ገመድ ተወጠረ። ስፒሏን ነቀላት። ሰው ሲቀመጥ ጀርባው ይረዝማል፤ መቀመጫው ጠፍጣፋ ቢሆንም ይህ አይቀርም። የሱቅ አሻንጉሊት ስለማትቀመጥ ነው ኋላዋ የሚያምረው። ያቺ አንድ ሳንቲ ለታክሲ፣ ለወንበርና ለቤተ ክርስቲያን ስግደት የተተወች ናት። የዚህን ሰፊ ዋጋ ከሁሉ በላይ ያየሁት እዚህ ነው፤ ማንሳት የሚችለውን ያውቃል፣ የሚተወውንም ያውቃል።

ቀጥሎ ቱምቢዋ ወጣች። ከወገቡ ጎን ተንጠልጥላ ስትረጋ የጎን ስፌቱ ከጉልበት በታች ከክሯ ጋር አንድ ሆነ፤ ከዳሌ በላይ ግን ወደፊት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሸሸ። ግማሽ ሳንቲ። ሽማግሌው «ተወው እንጂ፣ ማን ያየዋል?» አሉ፤ ልክ ነበሩ፣ ኮት ይሸፍነዋል። ሰፊው ስፌቱን ፈታው። ለፊቱ ግማሽ ሰጠና ከኋላው ግማሽ ነሳ፤ ስለዚህ የመጨረሻው ክፍፍል ሰባት ተኩልና አንድ ተኩል ሆነ። ምክንያቱን ሲጠየቅ ኪሱን አመለከተ። የጎን ስፌት ወደፊት ከተሳበ የኪሱ አፍ ይከፈታል፤ ኪስ አፉን ከፍቶ ሲቆም ደግሞ ሆዱን ገና ከመንገድ ማዶ ይናገራል። በዚያው ምክንያት አግድም የተቆረጠ ኪስ አላደረገላቸውም። በጎን ስፌቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚገባ ኪስ ነው የሰፋው፤ የኪሱንም የውስጥ ገበር ረዘም አድርጎ እስከ ዚፑ ድረስ አድርሶ ከስፌቱ ጋር ያዘው። ይህ ገበር ከውስጥ ሆዱን አቅፎ ይይዛል፤ ውጥረቱ በእርሱ ላይ ያርፍና ሱፉ ከላይ ሳይወጠር ይወርዳል። ከውጭ የሚታይ ነገር የለውም።

ሱፉ ሲቆረጥና ሲሰፋ መስመሮቹ ምን እንደሚሉ ማየት ያስደስታል። ተራ ሱሪ ላይ የዚፑ መስመር ወደ ውስጥ ስለሚጋደል የጨርቁ መስመር ከዚፑ ጋር እየተቆራረጠ ይሄዳል። እዚህ ግን የመሃል ፊቱ ከጨርቁ ክር ጋር ስለተስማማ ነጩ መስመር ከወገብ ተነስቶ ከዚፑ ጎን ለጎን እኩል ርቀት ጠብቆ ወደ ታች ይወርዳል። ከኋላ ደግሞ የሁለቱ ወገን መስመሮች መሃል ስፌቱ ላይ ሲገናኙ ጠባብ ሹል ይሠራሉ። መቀመጫ ያለው ሰው ሱሪ ላይ ይህ ሹል ሰፊ ነው፤ ስፌቱ በጣም ስለሚጋደል። የሹሉን ጥበት ያየ ሰው ሱሪው ገና ሳይለበስ የባለቤቱን መቀመጫ ያውቀዋል። የሁለቱም ወገን መስመሮች አንድም ሳያመልጥ ጫፍ ለጫፍ ገጥመዋል፤ ይህን ለማድረግ ሁለቱን የኋላ ቁራጮች ደርቦ አንድ ላይ አልቆረጠም፣ አንዱን ቆርጦ በመስመሩ ላይ አስተኝቶ ሁለተኛውን ቆረጠ።

ወገቡ ሌላ ሥራ ነው። ሱሪው ከእምብርት ዝቅ ብሎ ስለሚያርፍ ከወገቡ ቁራጭ በላይ ያለው ሆድ ከሥሩ ካለው ይበልጣል፤ በሌላ ሰው ላይ ግን ወደ ላይ በተኼደ ቁጥር አካሉ ይጠባል። እንዲያው ቀጥ ያለ ቁራጭ ቢሰፋ የላይኛው ጠርዝ ሆዱ ውስጥ ይገባና ቆዳ ላይ ምልክት ይተዋል፤ ከትንሽ ጊዜ በኋላም ተገልብጦ ወደ ውጭ ይታጠፋል። ይህን ለማስቀረት ከፊት በኩል ያለውን የላይኛውን ጠርዝ በእርጥብ ካውያ ሳብ ሳብ እያደረገ ትንሽ አሰፋው። የወገቡ ቁራጭም አንድ ወጥ አይደለም፤ ግራና ቀኝ ለየብቻ ተሰፍቶ በመጨረሻ ከመቀመጫው ስፌት ጋር አብሮ ከላይ እስከ ታች በአንድ ስፌት ይዘጋል። በዚህ ስፌት ውስጥ ከላይ በየወገኑ 4 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ተትቷል፤ ወደ ታች እየቀነሰ ኩርባው ላይ አንድ ሳንቲ ይሆናል። ሽማግሌው ሁዳዴን የሚጾሙ ሰው ናቸው፤ ሃምሳ አምስት ቀን ጾመው ፋሲካ ሲያከብሩ ወገባቸው ወርዶ ይወጣል። መሃል ኋላው ላይ አንድ ስፌት ፈትቶ ማጥበብና ማስፋት ይቻላል። ግን ልክ አለው፤ ሆዱ በብዙ ከተለወጠ ጭማሪው የሚያስፈልገው ከፊት ነው፣ ከፊት ደግሞ ዚፕ ያለበት ቦታ ምንም አይተውም። ያኔ አዲስ ሱሪ ነው።

ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ቀኑንና ቁጥሮቹን ጻፈና ግድግዳው ላይ ካሉት ጋር ሰቀለው። የተደራረበው ቦታ በፕላስተር ተይዟል፤ ዚፑ ላይ የተጨመረው ቁራጭ ከሌላ ካርቶን ተቀጥሏል። ንጹሕ አድርጎ ለምን እንደማይገለብጠው ሲጠየቅ፣ የት እንደተቆረጠና የት እንደተቀጠለ ሲታይ ለሚቀጥለው ሱሪ እንደሚረዳ ተናገረ፤ ከተገለበጠ በኋላ ግን የትኛው ከአካሉ፣ የትኛው ከፓተርኑ እንደመጣ አይታወቅም።

ሽማግሌው ሊወስዱት ሲመጡ ለበሱት፣ በመስታወት ሳይሆን በእጃቸው ኋላቸውን ዳሰሱት፣ ከዚያ ቀበቷቸውን አውጥተው እንደ ልማዳቸው እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ሊያጠብቁት ጀመሩ። ሰፊው እጃቸውን ያዘ።

«ጋሼ፣ እንዲህ ከጠበቀ ቀበቶው ቦታ ፈልጎ ከሆድዎ ሥር ይገባል፣ ሱሪውንም ይዞት ይወርዳል። አንድ ቀዳዳ ያላሉት።»

«ቢወልቅስ?»

«አይወልቅም። ካልተማመኑ በትከሻ ማንጠልጠያ ይልበሱት፤ ለእንዲህ ያለ ወገብ እንዲያውም እሱ ይሻላል።»

«እንደ ልጅ?» ሳቁ። «ምን ልታደርገኝ ነው?»

«ቁልፎቹን ከውስጥ ሰፍቻቸዋለሁ። አራት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ከውጭ አይታዩም፤ ሲፈልጉ ነው።»